20/1/93

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴ መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስቀበል ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወረቀት ይዞ በሬን የሚያንኳኳ አልጠፋም። ባለፈው ክረምት የመጣችው የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች።

አባቷ ደሴ ሸዋ በር ያሠሩት ቤት በቀድሞው የቤትና ቁጠባ ባንክ ብድር የቆመ ነው። ዕዳው ድሮ ተከፍሎ አልቋል፤ በቤቱ ማኅደር ላይ ግን መያዣው እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። አባትዬው ካረፉ በኋላ ስሙን ወደ ወራሾች ልታዛውር ስትሄድ «ከባንክ የመያዣ መሰረዣ ደብዳቤ አምጪ» ተባለች። ለባንክ ጻፈች፤ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ።

ማመልከቻዋን ተቀብዬ አነበብኩት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። የአባቷ ሕመም አለበት፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ጥሎ መውጣቱ፣ ሲመለስም ወረቀቱን ማጣቱ ተጽፏል። አንጀት ይበላል። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ግን ፋይል የሚያወጣው በስም፣ በቁጥርና በቀን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመጨረሻው አንቀጽ ተደብቀዋል፤ ያውም ተሳስተው።

በእጇ የቀረው አንድ የመጨረሻ ክፍያ ደረሰኝ ነበር። ቀኑ «20/1/93» ይላል። እሷም «በ1993 ዓ.ም. የተከፈለ» ብላ ጻፈች። ደረሰኙን ገልበጥ አድርጌ የባንኩን ስም አየሁት፤ የቤትና ቁጠባ ባንክ ይላል። ይህ ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሏል። ታዲያ በእኛ 1993 በዚያ ስም እንዴት ደረሰኝ ይቆረጣል? ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1993፣ በእኛ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ማለት ነው። ፈላጊው ስምንት ዓመት ያህል የራቀ መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሟል። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ስታገኙ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በስሙ ጠርታችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ ለማን እንደሚጻፍ አየን። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክም በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል። ስለዚህ ማመልከቻው የሚገባው ለንግድ ባንክ ነው፤ በውስጡ ግን የድሮው ስም መጠራት አለበት፤ የአሮጌው ማኅደር ሽፋን የሚያውቀው እሱን ነውና።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነበረው። ወሎ ውስጥ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ ያው አንድ ሰው ነው፤ በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ ግን የ«ሙ» እና የ«መ» ስሞች ለየብቻ ናቸው። እሷ የጻፈችው በራሷ መታወቂያ ላይ እንዳለው ነበር። ደረሰኙ ላይ እንዳለው አድርገን፣ «በሌላ አጻጻፍ» ብለን ሁለተኛውን ጨመርን።

ባንክ የደንበኛውን ጉዳይ ለጠየቀው ሁሉ አይሰጥም። ልጅ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደግሞ ውክልና። የማስረጃው የመዝገብ ቁጥርና ቀን ደብዳቤው ላይ ይጠቀሳል፤ ቅጂው ይያያዛል።

በመጨረሻ ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ

ጉዳዩ፦ ተከፍሎ ላለቀ የቤት ብድር የመያዣ መሰረዣ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

አባቴ አቶ …፣ በሌላ አጻጻፍ …፣ ከቀድሞው የቤትና ቁጠባ ባንክ በብድር ቁጥር … የወሰዱትን ብድር ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1993) በደረሰኝ ቁጥር … ከፍለው ጨርሰዋል። መያዣው ደሴ ከተማ ሸዋ በር የሚገኘው፣ የካርታ ቁጥሩ … የሆነው ቤት ነው። እኔ በመዝገብ ቁጥር … በቀን … ወራሽነቴ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ መያዣው እንዲሰረዝ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። አባሪ፦ 3 ገጽ።»

ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። ሌላ ምንም የለም። የብድር ቁጥሩን ከየት አመጣችው ብትሉ፣ ደረሰኙ ጥግ ላይ በደበዘዘ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ መስኮት ላይ ይዘን ነው ያነበብነው።

በሁለት ቅጂ እንድታትመው ነገርኳት። አንዱ ለመዝገብ ቤት ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋ ትይዛለች። ማመልከቻው ወደየትኛው ክፍል እንደተመራ ለመጠየቅ ስትመለስ የምትጠራው ያንን የገቢ ቁጥር ነው፤ የእኔን ታሪክ አስታወሳችሁ ወይ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ፋይሉ ተገኘ፤ ደብዳቤውም ተጻፈ» አለች። ፖስታው ታሽጎ ነው የሚሰጣት። እንዳትከፍችው፤ ግን ከመስኮቱ ሳትነሺ የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ጠይቀሽ ጻፊ፣ የካርታው ቁጥርም በትክክል መግባቱን አረጋግጪ አልኳት። ሄዳ ስትጠይቅ ከካርታው ቁጥር አንድ አኃዝ ጎድሎ ተገኘ፤ እዚያው ቁማ አሳረመችው።