እናትህን ማክበር በሳምንት ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ ዘጸአት 20፥12ን፣ ማርቆስ 7ን እና ሐዋርያት ሥራ 6ን ይዘን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። የመርሳት በሽታ የያዛትን እናት አንዷ ልጅ ቤቷ ወስዳ፣ የራሷንም ልጆች እያሳደገች ስታስታምም፣ የሌሎቹ ልጆች ድርሻ ምንድን ነው? ገንዘብ የላከ ግዴታውን ተወጥቷል? ሩቅ አገር ያለስ ነፃ ነው?

የምነግራችሁን ታሪክ ቤተሰቡ እንድናገረው ፈቅዶልኛል። ስማቸውን ግን አልጠራም።

አንዲት እህታችን እዚህ ሜሪላንድ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሴት ልጇ አሥራ አራት፣ ወንዱ ስምንት ዓመቱ ነው። እናቷን ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸው ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ጥደው ይረሱ ጀመር። ቀጥሎ የለመዱት መንገድ ጠፋባቸው። አሁን ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ይረበሻሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ይቆሙና «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳሉ። የወርቅ ጉትቻቸውን ራሳቸው ደብቀው ይረሱና፣ «ይቺ ልጅ ሰረቀችኝ» እያሉ የልጅ ልጃቸውን ይከሳሉ።

እህታችን ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት አሏት። አንዱ ወንድሟ ጀርመን፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ እህቷ ደግሞ ዱባይ ናቸው። የጀርመኑ ወንድም በየወሩ 300 ዩሮ ይልክና እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላል። እናትየው በስልኩ ውስጥ ሲያዩት ይስቃሉ፣ ይመርቁታል፣ «ልብስህን ደርብ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ይሉታል። እሱም ስልኩን ዘግቶ ለእህቱ፣ «እማዬ እኮ ደህና ናት፤ አንቺ ነሽ የምታጋንኚው» ብሎ ይጽፋል።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ነገር ግን ይህ በሽታ እንግዳ ፊት ይደበቃል። በሽተኛው ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ እንደ ጤነኛ ይጫወታል፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ደክሞ ይወድቃል ወይም ይበልጥ ይረበሻል። ስለዚህ ሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ማወቅ ከፈለገ እናቱን «እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። አብራ ያደረችውን እህቱን «ሌሊቱ እንዴት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። እህታችን መጥታ ደከመኝ ስትለኝ፣ «አይዞሽ፣ ጌታ ያበረታሻል» ብዬ ጸልዬ ሸኘኋት። ከሦስት ወር በኋላ ልጇ ከወጣቶች ፕሮግራም ስትወጣ ቆም ብላ፣ «ፓስተር፣ አያቴ ሌባ ትለኛለች። እውነት ትጠላኛለች?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ጸሎቴ ምን እንደጎደለው የገባኝ። እናቲቱን ደውዬ፣ «በሳምንት ውስጥ ከእማማ ጋር ማን ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጽፈሽ አምጪልኝ» አልኳት።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። እማማ ብቻቸውን መተው ስለማይችሉ፣ ከዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ሰዓት ጠባቂ ይፈልጋል። እህታችን የማታ ሺፍት ሆስፒታል የምትሠራባቸውን 40 ሰዓቶች ባሏ 22ቱን፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ 18ቱን ይሸፍናሉ። የቀረው 128 ሰዓት፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ የእህታችን ነው። የሦስቱ ወንድምና እህት ሰዓት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነበር። ከአጎቶቿና ከአክስቷ ድምር ይልቅ የበለጠ የተሸከመችው ያቺ ልጅ ነበረች።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ዘጸአት 20፥12 ላይ ያለው ትእዛዝ የሚናገረው ለአንድ ሰው ነው። «አባትህ»፣ «እናትህ» ይላል እንጂ «አባታችሁ»፣ «እናታችሁ» አይልም። ዕብራይስጡም እንደዚሁ ነጠላ ነው። አራት ልጆች ካሉ ትእዛዙ ለአራት ተከፍሎ ሩብ ሩብ አይደርሳቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው ሙሉው ተሰጥቷል። በሌላ በኩል፣ አክብር የተባለበት የዕብራይስጥ ቃል ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ማክበር ማለት ሰውን እንደ ቀላል ነገር አለማየት፣ ክብደት መስጠት ማለት ነው። ክብደት ያለውን ነገር ደግሞ አንድ ሰው ማንሳት አለበት። ስለዚህ ትእዛዙ አይከፈልም፤ ሥራው ግን ሊከፈል ይችላል፣ ሊከፈልም ይገባል።

በማርቆስ 7 ላይ ጌታ ኢየሱስ የወቀሳቸው ሰዎች ስጦታ ያልሰጡ ሰዎች አይደሉም። ለወላጆቻቸው ሊውል የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው ለእግዚአብሔር የለዩ፣ በዚህም ከወላጆቻቸው ዕዳ ነፃ የወጡ የመሰላቸው ናቸው። እኛም የራሳችን ቁርባን አለን። የአንዱ ቁርባን አገልግሎት ነው፤ የዝማሬ ልምምድ አለብኝ ይላል። የሌላው ቁርባን 300 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ክፉ ነው አላልኩም፤ ያስፈልጋል። ክፉ የሚሆነው «ከዚህ በኋላ አትጠይቁኝ» የሚል ደረሰኝ ሲሆን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም ተነሳ፤ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ይረሱ ነበር። ሐዋርያት መበለቶቹን «በርቱ፣ ታገሡ» ብለው አልሸኟቸውም፤ እኔ ያደረግሁትን አላደረጉም። ቅሬታው እውነት መሆኑን ተቀበሉ፣ ሥራውንም ስማቸው ለተጠራ ሰባት ሰዎች ሰጡ። «ሁላችንም እናግዛለን» ማለት ማንም አያግዝም ማለት መሆኑን ያውቁ ነበር።

ይህም ቤተሰብ እንደዚያ አደረገ። የጀርመኑ ወንድም በመጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አሥር ቀን መጣ፤ እህቱም ሌሊቱን ለእሱ ሰጠችው። በሦስተኛው ሌሊት እናቱ «አንተ ማን ነህ? ከቤቴ ውጣ» አሉት። ጠዋት ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ እህቱንም ይቅርታ ጠየቃት። ያን ቀን የዱባይዋንና የአዲስ አበባውን በስልክ ጨምረው ሥራውን በስም ተከፋፈሉ።

የጀርመኑ ወንድም ገንዘቡን ጨመረ፤ በእሱም አማርኛ የምትናገር ሴት በሳምንት 12 ሰዓት ተቀጠረች። የወረቀቱ ሥራ ሁሉ፣ ኢንሹራንሱ፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ የመድኃኒት እድሳቱ የእሱ ሆነ። ይህን በስልክና በኮምፒውተር መሥራት ይቻላል፤ እናት ግን ውክልናውን መፈረም ያለባቸው የሚፈርሙትን በሚረዱበት ጊዜ ነው። እነሱ ለጥቂት ነው የደረሱት፤ እናንተ አታዘግዩ። በዓመት ሦስት ሳምንትም መጥቶ ሌሊቱን ይረከባል።

የዱባይዋ እህት ገንዘብ የላትም። ነገር ግን በሳምንት አራት ቀን፣ እዚህ ጠዋት ሲሆን ደውላ ከእናቷ ጋር የድሮ መዝሙር ትዘምራለች። ስማችንን የረሳ ሰው ብዙ ጊዜ መዝሙሩን አይረሳም። በዚያ አርባ ደቂቃ እህታችን ከጎናቸው ሆና ቡናዋን በሰላም ትጠጣለች። የአዲስ አበባው ወንድም የእናቱን ቤት አከራይቶ ኪራዩን እንደ ራሱ ይቆጥር ነበር። አሁን እህታችን በየወሩ ለአክስታቸው ትልከው የነበረውን ከኪራዩ እሱ ይከፍላል፤ የእሷ ገንዘብም እዚሁ ለእናቷ ይውላል።

በአካባቢው የአረጋውያን ቢሮ በኩል ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አምስት ሰዓት የሚቆዩበት የአረጋውያን የቀን ማዕከል ተገኘ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ በሽታው በኋላ የተማሩትን እንግሊዝኛ አስቀድሞ ስለወሰደው ማንም አልገባቸውም፣ አለቀሱ። እህታችን «ውሃ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «አመመኝ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ለሠራተኞቹ ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ረጋ አሉ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች።

ለሁሉም አንድ ደብተር ተገዛ። የተረካቢው ሰው የበሉትን፣ የተኙትን፣ የተለየ ነገር ካለ ይጽፋል። አንድ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ከወትሮው እጅግ ሲብስባቸው በደብተሩ ታየ፤ ሐኪም ቤት ተወስደው የሽንት ኢንፌክሽን ተገኘ፣ ታክመውም ተመለሱ። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ድንገት ከባሰ «በሽታው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ያያቸው።

አሁን ሰዓቱን እንደገና ቁጠሩ። ባል 22፣ ተቀጣሪዋ 12፣ ልጅቷ 4፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት 2፤ የሥራዋ 40 ሰዓት ተሸፈነ። የቀን ማዕከሉ 15። ለእህታችን የቀረው 113 ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ እኩል አይደለም። እኩል ሊሆንም አይችልም፤ እናት የምታድረው አንድ ቤት ነው። ፍትሕ ግን ሁሉም እኩል መሸከሙ አይደለም። ዜሮ የሚሸከም አለመኖሩ፣ ብዙ የምትሸከመውም በዕለት ጉዳይ የመወሰን መብት ማግኘቷ ነው። ሌሊቱን ያላደረ ሰው፣ ሌሊቱን ያደረችውን መውቀስ አይገባውም።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥4 ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የልጅ ልጆችም ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን ይማሩ ይላል። ይማሩ ነው ያለው፤ ትምህርት ደግሞ በዕድሜ ልክ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር ልብስ ልታጥፍ፣ ሻይ ልታቀብል፣ ልትዘምር ትችላለች። ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ መድኃኒት መስጠት፣ ብቻዋን ኃላፊ መሆን ግን የእሷ ሥራ አይደለም። ዛሬ አራቱ ሰዓቷ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚቀርብ ትልቅ ሰውም ጎረቤት አለ። ሌባ ለተባለችው ልጅ ደግሞ እናቷ ቁጭ ብላ፣ «አያትሽ አልጠላችሽም። ዕቃዋን የት እንዳኖረች በሽታው ሲያስረሳት፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ትጠረጥራለች። አንቺን የከሰሰችሽ አጠገቧ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ለእኔ ስትነግረኝ፣ «ጉትቻውን አሁን አብረን ነው የምንፈልገው» አለችኝ።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ዛሬ ቤትህ ስትገባ እናትህን ለምታስታምመው እህትህ ደውል። ምክር አትስጣት። «ሌሊቱ እንዴት አለፈ?» በላት፣ እስክትጨርስም ስማት። ከዚያ «የእኔ ሰዓት የቱ ነው?» ብለህ ጠይቃት፤ የምትነግርህንም ጻፈው። የምታስታምሚ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ 168ቱን ሰዓት ጽፈሽ አሳያቸው። ድካምሽን መቁጠር ማጉረምረም አይደለም።

በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር በአደራ የሰጠ ጌታ ቤታችሁን ይጎብኝ። አሜን።