የሕያው ሠዓሊን እጅ ስለ መዋስ

በዚህ ዘመን ነጋዴ ለዕቃው ሥዕል ሲያስፈልገው ሠዓሊ አይጠራም፤ የሚፈልገውን በቃል ጽፎ ሥዕል አውጪውን መኪና ያዛል። ይህ የትእዛዝ ቃል ፕሮምፕት ይባላል። ብዙ ሰዎችም በትእዛዙ መጨረሻ «በእገሌ አሣሣል» ብለው የሕያው ሠዓሊን ስም ይጨምራሉ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ስምን መጥራት ብቻ ዕዳ ያመጣልን?

«የአሣሣል ስልት የማንም ርስት አይደለም፤ ደቀ መዝሙር ሁሉ ከመምህሩ ይቀዳል» የሚሉ አሉ። በዚህ ነገር እውነት አላቸው። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410 ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ ነው። ነገር ግን ስልት አልቆ ሥራ የሚጀምርበትን ድንበር በቃል መናገር ቀላል ሲሆን፥ በወረቀት ላይ ማግኘቱ ጭንቅ ነው። ለዚህም አንድ ፍርድ እናንሣ።

ሶል ስታይንበርግ የተባለ ሠዓሊ በ1976 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርከር መጽሔት ሽፋን አንድ ሥዕል ሣለ። በኒው ዮርክ ከ9ኛው ጐዳና ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የሰፈሩ ሕንፃዎች ጐልተው ይታያሉ፤ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ ያለው ሰፊ አገር ግን አንሶ አንዲት እርሻ ይመስላል። በ1984 ኮሎምቢያ ፒክቸርስ «ሞስኮ ኦን ዘ ሃድሰን» ለተባለው ፊልም ማስታወቂያ ሲያሠራ፥ የስታይንበርግ ሥዕል ለሠዓሊው እንደ ምሳሌ ቀረበለት። አዲሱ ሥዕል ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሆነ፤ በአድማሱም ሞስኮ ታየች። ተከሳሾቹ፥ «የወሰድነው ሐሳቡን ነው፤ የኒው ዮርክ ሕንፃም የሁሉ ነው» ብለው ተከራከሩ። በ1987 ዳኛው ሐሳቡ የሁሉ መሆኑን ተቀበለ፤ ነገር ግን የሕንፃዎቹ ጌጥ፥ በላይ የተዘረጋው የሰማይ ሰማያዊ ጥብጣብ፥ የአድማሱ ቀይ መስመርና የፊደሉ ቅርጽ በአንድነት ሲታዩ ሥራው ተቀድቷል ብሎ ለስታይንበርግ ፈረደ።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር እንማራለን። ፊተኛው፥ ስልት ከዝርዝር ጋር ሲደመር ሥራ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ምሳሌው ለሠዓሊው መሰጠቱ በተከሳሾቹ ላይ ምስክር ሆነ። ፕሮምፕትም እንዲሁ የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ በአገልጋዩ ድርጅት መዝገብ ሊቀመጥ ይችላል። የሠዓሊው ስም ከተገኘበት፥ ከሣሹ «ሥራዬን ያውቅ ነበር» ብሎ የሚያስረዳው በጸሐፊው በራሱ ቃል ነው።

የታወቀ አርማ ግን ሌላ ሕግ አለው። በዚያ ዋናው ጥያቄ ገዥው ዕቃው ከማን እንደ መጣ ይሳሳታልን የሚል ነው። አርማውም ሳይታዘዝ ሊወጣ ይችላል። ጌቲ ኢሜጅስ ስቴቢሊቲ ኤአይን በሎንዶን በከሰሰው ጉዳይ፥ በ2025 ፍርድ ቤቱ የክሱን ብዙውን ክፍል አልተቀበለም፤ ነገር ግን በቀድሞዎቹ የመኪናው ዓይነቶች በወጡ በአንዳንድ ሥዕሎች ላይ የከሳሹ የውኃ ምልክት ስለ ታየ፥ በጥቂቱ የንግድ ምልክት መጣስ አለ ብሎ ወሰነ።

«የመኪናው ባለቤት ለንግድ እንድሠራበት ፈቅዶልኛል» የሚል ነጋዴም ይጠንቀቅ። ሰው የሌለውን አይሰጥም፤ ፈቃዱ የመኪናውን ባለቤት መብት እንጂ የሠዓሊውን ወይም የባለ አርማውን አይጨምርም። ክስ ቢመጣ እንከፍላለን የሚሉ ድርጅቶችም ቢሆኑ፥ ደንበኛው አውቆ የሌላውን ሥራ ካስቀዳ ብዙውን ጊዜ ቃላቸው አይሠራም። ስለዚህ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ቡና ቈልቶ የሚሸጥ ሰው ለከረጢቱ ሥዕል ቢፈልግ፥ የሠዓሊ ስም በመጥራት ፈንታ የሚወደውን ነገር ራሱን ይግለጽ፤ «ጀበናና ሲኒ፤ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ የሚመስል ወፍራም ጥቁር መስመር፤ ሁለት ቀለም ብቻ፤ ብርሃኑ ከግራ፤ ጽሕፈትና አርማ የሌለበት» ብሎ ይጻፍ። ሥዕሉ ሲወጣ ማዕዘኖቹን አጕልቶ ይመልከት፤ የተጨማለቀ ፊርማ ወይም የደበዘዘ ምልክት ካየ ይጣለው። ቀጥሎ በሥዕል ፍለጋ የሚመስለውን ይፈልግ፤ አርማውንም በሰው አሥርቶ ከንግድ ምልክት መዝገብ ጋር ያስተያይ። ይህ ሁሉ ክስን ፈጽሞ ባይከለክልም ያርቃል።

ሕግ የማይደርስበት ግን ይቀራል። የፖላንዱ ሠዓሊ ግሬግ ሩትኮውስኪ በ2022 ስሙ በብዙ ትእዛዝ ስለ ተጠራ፥ መኪናው ያወጣቸው ሥዕሎች የእርሱን ሥራ በፍለጋ ውስጥ እንዳይሸፍኑበት ሥጋቱን ተናገረ። የሞተ መምህር ስልት ቢቀዳ መምህሩ እንጀራ አያጣም፤ የሕያው ግን በዚያው ገበያ ለዚያው ገዥ ይሸጥበታል። የእርሱን እጅ የሚፈልግ ነጋዴ እርሱን ጠርቶ ዋጋውን ይክፈል፤ ለዋጋው አቅም ከሌለው ስሙን ይተውለት።