«ሁሉም» ሲካድ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በላከው መልእክት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ የቀርጤስን ሰዎች የሚያማ አንድ ጥቅስ አለ። ቲቶ በዚያች ደሴት የቀረውን ሥራ እንዲያደራጅ የተተወ ሰው ነው። ጳውሎስም የአገሬውን ጠባይ ሲነግረው ከራሳቸው ከቀርጤሶች የወጣ አንድ ነቢይ ስለ ወገኖቹ ውሸት የመሰከረውን ያነሣለታል፤ ምስክርነቱም እውነት ነው ይለዋል። መልእክቱ የነቢዩን ስም አይጠራም። እስክንድርያዊው ቀሌምንጦስ ግን ሰውዬው ኤጲሜኒዲስ ነው ብሎ ጽፏል።

ጳውሎስ እንቆቅልሽ ሊጠይቅ አልፈለገም። ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረጉት ከኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ቡና ላይ፣ አንዳንዴም የፍልስፍና ክፍል ውስጥ፣ እንዲህ ተብሎ ይነገራል፦ አንድ የቀርጤስ ሰው «ማንኛውም የቀርጤስ ሰው በተናገረ ቁጥር ይዋሻል» አለ። እውነቱን ነው ካልን እሱም የቀርጤስ ሰው ነውና ይህንንም ሲናገር ዋሽቷል። ዋሽቷል ካልን ደግሞ የቀርጤስ ሰዎች እውነት ተናጋሪዎች ናቸው ማለት ነው፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ስለሆነ የተናገረው እውነት ነው። ወዲያ ቢሉት ወዲህ ይመለሳል። ተናጋሪው ይስቃል፣ ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ ስኒው ይሞላል።

እኔ ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ሰው የሚነቀንቀው በተሳሳተው ቦታ ላይ ነው እላለሁ። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ግማሽ እንከን የለውም። ንግግሩ እውነት ሊሆን አይችልም፤ እውነት ከሆነ ራሱን ያፈርሳልና። ስለዚህ ውሸት ነው። እዚህ ድረስ ተስማማን። ስንጥቁ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ባለችው «ማለት ነው» ላይ ነው። «ማንኛውም የቀርጤስ ሰው በተናገረ ቁጥር ይዋሻል» ማለት ውሸት ሆነ እንጂ «ማንኛውም የቀርጤስ ሰው በተናገረ ቁጥር እውነት ይናገራል» ማለት እውነት ሆነ ያለው ማነው?

በንግግሩ ውስጥ ሁለት «ሁሉ» ተደርበው አሉ። አንዱ ሰዎቹን ሁሉ ይይዛል፣ ሌላው ንግግራቸውን ሁሉ። ይህን ለመካድ «አይደለም» የምትለዋን ቃል ከውጭ ወደ ውስጥ እንግፋት። የመጀመሪያውን «ሁሉ» ስታልፍ «ሁሉም ሰው» የነበረው «ቢያንስ አንድ ሰው» ይሆናል። ሁለተኛውን ስታልፍ «ሁልጊዜ» የነበረው «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ይሆናል። መጨረሻ ላይ «ይዋሻል» ጋ ስትደርስ «አልዋሸም» ይሆናል። የምናገኘውም «ቢያንስ አንድ የቀርጤስ ሰው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ እውነት ተናግሯል» የሚል ነው። ይኸው ነው። አንድ የቀርጤስ እረኛ አንድ ጠዋት «ዛሬ ይበርዳል» ብሎ በርዶ ከነበረ የኤጲሜኒዲስ ንግግር ተራ ውሸት ሆኖ ያርፋል። ወደ እውነትነት የሚመልሰው መንገድ የለም። የእንቆቅልሹ ተራኪ የሠራው ስሕተት ክህደቱን በሁለቱም «ሁሉ» ላይ ሳይነካቸው አዝልሎ በግሡ ላይ ብቻ ማሳረፉ ነው።

በርትራንድ ረስል ይህን ያውቅ ነበር። በ1908 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው ጽሑፉ ኤጲሜኒዲስን ሲያነሣ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ቀርጤሶች የተናገሩት ሌላው ነገር ሁሉ በእርግጥም ውሸት ነበረ ብለን እንያዝ አለ። ጭማሪዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን እረኛውን ከደሴቲቱ ታስወጣዋለች። ሌላው ሁሉ ውሸት ከሆነ ያቺ የምንፈልጋት አንዲት እውነት ልትሆን የምትችለው ይህችው የኤጲሜኒዲስ ንግግር ብቻ ናት። ያን ጊዜ በእርግጥ ውል የሌለው ክር ይሆናል። ያለ ጭማሪው ግን የሚቀረን ሌላ ዓይነት ግርምት ነው፤ ሰውዬው አፉን ስለከፈተ ብቻ፣ ደሴቲቱን ሳንረግጥ፣ አንድ ቀርጤሳዊ አንድ ቀን እውነት መናገሩን ማወቃችን። ይህ ግርምት ሎጂክ የሚያስተምሩ ሰዎችን አሁንም ያነጋግራል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። አማርኛ ክህደቱን ግሡ ላይ ነው የሚያስረው፤ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ። ግሡ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ነው። ስለዚህ «ሁሉም አልመጡም» ስንል «ሁሉም» ራስጌ ተቀምጦ ክህደቱ ግርጌ ይቀራል። አንዱ ሰሚ «አንድም የመጣ የለም» ብሎ ይወስደዋል፣ ሌላው «የቀሩ አሉ» ብሎ። አስተናጋጅዋ ምግቡን ታንሳ ወይስ ታቅርብ? አማርኛ መፍትሔ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። «የመጡት ሁሉም አይደሉም» ብንል ክህደቱ «ሁሉም» ላይ ያርፋል፤ «ማንም አልመጣም» ብንል ደግሞ ጭራሽ ባዶ አዳራሽ ነው። ችግሩ ከሦስቱ አነጋገሮች አፋችን ላይ የሚቀናን ያችው አሻሚዋ መሆኗ ነው። ሰርግ ላይ ወጥ ይተርፋል፣ ወይም ያንሳል፤ በሰው ስም ላይ ሲሆን ግን ጉዳቱ ይከፋል።

አንድ የእድር ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ የዓመቱን ሪፖርት አቀረበ። ከሪፖርቱ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ትላለች፦ በየወሩ ቢያንስ አንድ የኮሚቴ አባል የገንዘብ ሣጥኑን ቆጥሮ በመዝገብ ፈርሟል። ገንዘብ ያዡ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ስድሳን ያለፉ፣ እጃቸው የማይታማ ሰው። አንድ አባል ተነሡና «ይህ ሪፖርት ሐሰት ነው! ጥቅምት ላይ ጸሐፊው አልቆጠረም፣ ራሱ ነግሮኛል» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ሌላው ቀጠሉ፦ «ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ማንም አልቆጠረም ማለታችሁ ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» በሁለት ንግግር ሽማግሌው ከገንዘብ ያዥነት ወደ ተጠርጣሪነት ተሸጋገሩ።

አሁን ሪፖርቱን በትክክል እንካደው። «በየወሩ» የሚለው «አንድ ወር አለ» ይሆናል። «ቢያንስ አንድ አባል» የሚለው «ማንም አባል» ይሆናል። «ቆጥሯል» የሚለው «አልቆጠረም» ይሆናል። «ከሰባቱ አንድም ያልቆጠረበት አንድ ወር አለ።» ሪፖርቱን ሐሰት የሚያደርገው ይህ ነው፤ ሌላው አይደለም። የመጀመሪያው ተናጋሪ ያቀረቡት «አንድ አባል ያልቆጠረበት ወር አለ» የሚል ነበር። «ሁሉ»ን ገልብጠው «አንድ»ን ሳይገለብጡ ትተውታል። ይህ ደግሞ ሪፖርቱን ጭራሽ አይነካውም፤ ጸሐፊው ባይቆጥር ሊቀመንበሩ ቆጥረው ሊሆን ይችላል፣ ሪፖርቱም ያለው አንድ ሰው ይበቃል ነው። ሁለተኛው ተናጋሪ ደግሞ «በየወሩ ማንም አልቆጠረም» አሉ። «አንድ»ን ገልብጠው «በየወሩ»ን ሳይገለብጡ አስቀሩት። ይህ ሪፖርቱን ያፈርሰዋል፤ ግን ለማፍረስ ከሚያስፈልገው እጅግ አብልጦ ይከሳል።

ልዩነቱ በሥራው መጠን ይታወቃል። ኮሚቴው ራሱን ለመከላከል 12 ፊርማ ይበቃዋል፣ ለየወሩ አንድ። ከሳሽ ሪፖርቱን ለማፍረስ የሚያስፈልገው አንድ ወር መርጦ ሰባቱንም በዚያ ወር አለመቁጠራቸውን ማሳየት ነው። የሁለተኛውን ሰውዬ ክስ ማስረዳት የሚፈልግ ግን 12 ወር በሰባት ሰው፣ 84 ጊዜ «አልቆጠረም» የሚል ማስረጃ ይዞ መምጣት አለበት። ሰውዬው ይዘው የተነሡት አንድ ነበር፤ እሱም የጸሐፊው፣ እሱም የጥቅምት። አንድ አስተማሪ የነበሩ አባል ይህንኑ በጨዋ አማርኛ አስረድተው መዝገቡ ይምጣ አሉ። መጣ። የአሥራ አንድ ወር ፊርማ አለ፤ የሐምሌ ቦታ ባዶ ነው። ሰባቱም ተጠየቁ፤ በሐምሌ የቆጠረ የለም። ሪፖርቱ ሐሰት ነበር። ሁለቱ ተናጋሪዎች ግን ባሉት ምክንያት አልነበረም፤ ገንዘብ ያዡም ቢሆኑ እንዲቆጠር ሣጥኑን ማቅረብ እንጂ ራሳቸው መቁጠር ሥራቸው አልነበረም።

ወደ ቀርጤስ ልመለስ፤ ሐሜቱን ለእኛ ገበያ እንመንዝረው። «ነጋዴ ሁሉ ሚዛን ያጭበረብራል» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል። ሊከራከረው የሚነሣው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ነጋዴ አያጭበረብርም!» ይላል፤ ይህ ልክ እንደ ቡናው ቤት እንቆቅልሽ ነው። አሪስቶትል እንዲህ ዓይነቶቹን ጥንዶች ለይቶ አስቀምጧቸዋል፦ «ሁሉም ነው» እና «አንድም አይደለም» ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ውሸት ግን ሊሆኑ ይችላሉ። ግማሹ ነጋዴ ቢያጭበረብር ሁለቱም ተከራካሪዎች ተሳስተዋል። ወይም ደግሞ «የቢሮ ሠራተኛውስ?» ይላል። ይህኛው ክህደቱን ባለቤቱ ላይ ነው የለጠፈው፤ ነጋዴ ስላልሆነ ሰው ያወራል። የቢሮ ሠራተኛው ቢያጭበረብርም ባያጭበረብርም ስለ ነጋዴው የተባለው ባለበት ቆሟል።

የተባለውን ለማፍረስ ሚዛኗ ትክክል የሆነች አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ትበቃለች። ይህ ለተሟጋቹ ምሕረት ነው፤ ለሙያው ሁሉ ዋስ መሆን የለበትም። ያን ያህል ብቻ ነው ግን ያሸነፈው። ከእሷ በቀር ያሉት ሁሉ አጭበርባሪ መሆናቸውን አልከለከለም፣ ልከለክል ብሎም ከተነሣ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ባለ ሐሜቱም ተሸነፍኩ አይልም። ወይ «እሷማ መች ነጋዴ ሆና!» ብሎ ሴትዮዋን ከቁጥር ያወጣታል፣ ይህን ሲያደርግ «ነጋዴ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «አጭበርባሪ» ሆኖ ያርፋል፤ ወይም ደግሞ «እሺ፣ አብዛኛው» ይላል። ይህ ሁለተኛው ሐቀኛ ማፈግፈግ ነው፤ ክርክሩን ግን ወደ ሌላ ሜዳ ይወስደዋል። «አብዛኛው ያጭበረብራል» ሲካድ «አብዛኛው አያጭበረብርም» አይሆንም፤ ከ100 ነጋዴ 50ው ቢያጭበረብር 50ው ባያጭበረብር ሁለቱም ውሸት ነው። ትክክለኛው ክህደት «የሚያጭበረብሩት ከግማሽ አይበልጡም» የሚል ነው። ለዚህ የጉሊቷ ሴትዮ ምስክርነት አይበቃም፤ ሚዛን ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ መዞር ይጠይቃል።