በውሻ ለተነከሰ ሰው ሁለት መርፌ ለምን ይታዘዛል?

ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ባለሙያው ቁስሉን አይቶ ሁለት ዓይነት መርፌ ሊያዝለት ይችላል። አንደኛው ክትባት ነው። ሁለተኛው ኢሚዩኖግሎቡሊን ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ሴረም ይሉታል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አንዱን ከተወጋ ይበቃዋል» ብሎ ሌላውን ይተዋል፤ ወይም ቁስሉ ሲደርቅ ለቀጠሮው አይመለስም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱ መርፌዎች የሚሠሩትን ሥራ ለይቶ ማወቅ ለማንም ይጠቅማል።

ቫይረሱ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻው ወደ ሥጋ ይገባና በአቅራቢያው ያለውን ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ሰው ከተነከሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ አንዳንዴ ግን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዘገያል። ንክሻው ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ጊዜው ያጥራል። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ መቅደም የሚቻለው ገና ቁስሉ ውስጥ ሳለ ነው።

ክትባቱ የተገደለ ቫይረስ ነው፤ በሽታውን አያመጣም። ሰውነት ይህን ሲያይ ጠላቱን ይለያል፣ የሚያጠፋውን አንቲቦዲም ራሱ ማምረት ይጀምራል። ሐኪሞች ንቁ የበሽታ መከላከል አቅም የሚሉት ይህን ነው። ጥቅሙ ዘላቂነቱ ነው፤ ሰውነት የተማረውን አይረሳም። ከዚህ በፊት የእብድ ውሻ ክትባቱን በሙሉ የወሰደ ሰው እንደገና ቢነከስ ሴረም አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያው ቀንና ከሦስት ቀን በኋላ የሚሰጡ ሁለት የማጠናከሪያ ክትባቶች ይበቁታል። ጉድለቱ ግን መዘግየቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ሰውነት በቂ አንቲቦዲ ለማምረት ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስድበታል።

ሴረሙ ይህን ክፍተት ይሸፍናል። በውስጡ ያለው ተዘጋጅቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው፤ የሚገኘውም አስቀድሞ ከተከተቡ ሰዎች ወይም ፈረሶች ደም ነው። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ሲወጋ እዚያው ያለውን ቫይረስ ወዲያው ይይዘዋል። ይህ ከሌላ የተገኘ ወይም ተገብሮ መከላከያ ይባላል። ነገር ግን ሰውነትን ምንም አያስተምረውም። ከሰው የተገኘው አንቲቦዲ በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከዚያም እያለቀ ይሄዳል። ሴረም በክረምት የተበደሩት እህል ነው፤ አዝመራው እስኪደርስ ያቆያል እንጂ አዝመራውን አይተካም።

አሁን አንድ ልጅ እንመልከት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ 20 ኪሎ ትመዝናለች። ሰኞ ጠዋት የማታውቀው ውሻ እጇንና ጉንጯን ነክሶ አደማት። የመጀመሪያው ሥራ የቤተሰቧ ነው፤ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ሰዓት እያዩ ይጠቡ፤ ሰው ሲደነግጥ ሁለት ደቂቃ ሩብ ሰዓት ይመስለዋል። በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል አይነስንሱበት። ከዚያ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ቁስሉ ስለደማ ልጅቱ ሁለቱም መርፌዎች ያስፈልጓታል። ከሰው የተገኘ ሴረም በኪሎ 20 ዩኒት ስለሚታሰብ ለእሷ 400 ዩኒት ይሆናል። ከፈረስ የተገኘ ከሆነ በኪሎ 40 ዩኒት ነው፤ 800 ይደርሳል። ባለሙያው ጉንጯና እጇ የሚችሉትን ያህል በየቁስሉ ያስገባል፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ቁስል የማይዳረስ ከሆነ መጠኑን ሳይጨምር በንጹሕ የጨው ውሃ ያበዛዋል። ክትባቱን ደግሞ በሌላ መርፌ፣ ከቁስሉ ርቆ፣ ክንዷ ላይ ይሰጣታል፤ መቀመጫ ላይ አይሰጥም። ሁለቱ አንድ ቦታ ቢወጉ ሴረሙ ክትባቱን ያዳክመዋል። በዚሁ ምክንያት «ይጨመርላት» ብላችሁ አትለምኑ፤ ከመጠን ያለፈ ሴረም ሰውነቷ የራሱን መከላከያ እንዳያመርት ያግደዋል።

ሴረሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክትባቱ ግን ይቀጥላል። በብዙ ቦታ በሚሠራበት አሰጣጥ የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ተብሎ ይቆጠርና 3ኛው፣ 7ኛውና 14ኛው ቀን ይከተላሉ። ልጅቱ ሰኞ ከጀመረች ሐሙስ፣ በሳምንቱ ሰኞ እና በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ መመለስ አለባት ማለት ነው። እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ ተቋሙ አሠራር ቀኖቹ ሊለያዩ ስለሚችሉ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ቁስሉ ቢድንም አታቋርጡ፤ የተበደረችው አንቲቦዲ ሲያልቅ የሚጠብቃት ራሷ ያመረተችው ብቻ ነው።

ሴረም በየቦታው አይገኝም፤ ዋጋውም ይከብዳል። «ሴረም የለም» ስትባሉ ክትባቱን ሳትጀምሩ ወደ ሌላ ከተማ አትሂዱ። ቁስሉን ማጠብና ክትባቱን ወዲያው መጀመር ብቻውንም ብዙ ሰው ያድናል። ሴረሙን ከዚያ በኋላ ፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ክትባት አንሥቶ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ሰውነት የራሱን ማምረት ስለሚጀምር አይሰጥም።

ሆድ ላይ የሚሰጠውን የቀድሞውን ተደጋጋሚ መርፌ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም ልጆቻቸውን ያስፈራሉ። ያ ከእንስሳ አንጎል ይሠራ የነበረ ክትባት ነው፤ የአሁኑ ክንድ ላይ የሚሰጥና መጠኑም ትንሽ ነው። እርጉዝ ሴትም ሆነች ሕፃን ሊወስዱት ይችላሉ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ጸሎቱንም ያድርስ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ይከተብ፤ ቀጠሮውንም አይዝለል። ውሻውንም በንዴት ገድላችሁ አትጣሉት። ባለቤት ያለውና የሚታሰር ከሆነ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትትል ለ10 ቀን ይጠበቅ፤ በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ክትባቱ እንዲቆም ሐኪሙ ይወስናል። ይህን ውጤት ለመጠበቅ ብሎ ክትባቱን ማዘግየት ግን አይገባም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከተነከሰ ሦስት ነገር አትርሱ፤ ሩብ ሰዓት እጠቡ፣ የዚያኑ ዕለት አስከትቡ፣ ቁስሉ ከደማ ስለ ሴረሙ ጠይቁ። የክትባት ካርዱንም በቤት ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ስቀሉት፤ የመጨረሻው ቀጠሮ ሳይፈጸም አታውርዱት።