የኮሚቴውን ጸሐፊነት ጠይቂ

ልጄ፣ የሙያሽን አንጋፎች በምን መንገድ እንደምታውቂያቸው ጠይቀሽኛል። በጉባኤ የሻይ ዕረፍት ላይ ተጠግተሽ ሰላም ትያለሽ፣ ስልክ ትቀበያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የምትደውዪበት ጉዳይ ታጪያለሽ። የጎደለሽ ድፍረት አይደለም፤ ጉዳይ ነው። ደጅ ሳትጠኚ፣ አማላጅ ሳትልኪ ጉዳይ የምታገኚው የሙያ ማኅበርሽ ኮሚቴ ውስጥ ነው።

አንቺ ሚድዋይፍ ነሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማኅበር አለልሽ። ሆኖም መዋጮ መክፈል ብቻውን ከማንም ጋር አያገናኝሽም፣ ኮሚቴዎችም ሁሉ አንድ አይደሉም። የመስተንግዶ ኮሚቴ አዳራሽ፣ ባጅና ምሳ ያሰናዳል፤ ሥራው የተከበረ ነው፣ ነገር ግን ውሎሽ ከሆቴልና ከማተሚያ ቤት ጋር ይሆናል። የዓመታዊ ጉባኤ ሳይንሳዊ ኮሚቴ ግን ለጉባኤው የሚላኩትን የጥናት አብስትራክቶች ተቀብሎ ለገምጋሚዎች ያድላል፣ ውጤት ይሰበስባል፣ የመድረክ መሪዎችን ይመድባል። ገምጋሚዎቹም መድረክ መሪዎቹም ልታውቂያቸው የምትፈልጊያቸው ሰዎች ናቸው። እዚያ ግቢና ጸሐፊነቱን ጠይቂ። ቃለ ጉባኤ መያዝ አሰልቺ ስለሆነ የሚሻማሽ አይኖርም።

አንዲት ወጣት ፋርማሲስት በራሷ የሙያ ማኅበር በዚህ ቦታ ስትሠራ አይቻለሁ። አብስትራክቶቹ ሲመጡ የጸሐፊዎቹን ስምና መሥሪያ ቤት አውጥታ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት ገምጋሚዎች ላከች። ቀነ ገደቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስታወሰቻቸው። በአንዱ አብስትራክት ላይ አንደኛው ገምጋሚ ከመቶ 82፣ ሁለተኛው 45 ሰጡ። አማካዩን ይዛ ብታልፍ ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን ለሰብሳቢው አሳወቀች፤ ሰብሳቢውም ሦስተኛ ገምጋሚ ይታይበት ብለው ከዚህ በፊት አግኝታቸው የማታውቅ አንዲት ፕሮፌሰር ዘንድ እንድትደውል አዘዟት።

ስልኩ ላይ ያለችው አጭር ነበር፦ «ፕሮፌሰር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሳይንሳዊ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ገምጋሚዎች በናሙና አመራረጡ ላይ ያልተስማሙበት አንድ ገጽ አለ። እስከ ሐሙስ ቢያዩልን?» ፕሮፌሰሯ ተመለከቱትና ችግሩ ናሙናው ሳይሆን መደምደሚያው ከመረጃው በላይ መሄዱ መሆኑን አስረዷት፤ ተስተካክሎ ይቅረብ አሉ። እሷም የተስተካከለውን መልሳ አሳየቻቸው፣ ጥናቱ በየትኛው መድረክ እንደሚቀርብም ነገረቻቸው። ጉባኤው ሲደርስ ፕሮፌሰሯ አዳራሹ ውስጥ በስሟ ጠሯት። ትውውቁን ያመጣው ውለታ አልነበረም፤ አብረው አንድ ነገር አስተካክለዋል፣ ያለችውንም በሰዓቱ አድርሳለች።

ቃለ ጉባኤውንም እንዲሁ ያዢ። ስብሰባው ባለቀ ማግስት ላኪው። የተወራውን ሁሉ አትጻፊ፤ የተወሰነውን፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሆነ ብቻ ጻፊ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብና ይፈረምበታል። አንጋፎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ የገቡትን ቃል በጨዋ ቋንቋ የምታስታውሳቸውን ልጅ አይረሷትም።

ሦስት ነገሮች ይህን ሁሉ ያበላሻሉ። አንደኛው፣ ግምገማው በእጅሽ እያለ የግል ጉዳይ ማንሳት ነው። የምትደውዪላቸው ሰው የራሳቸው ተማሪ ጥናት መዝገብሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ብትጠይቂ ልውውጥ ይመስላል። ጉባኤው አልፎ ሪፖርቱ እስኪዘጋ ጠብቂ፤ ያኔም በመጀመሪያ የምትጠይቂው የሙያ ጥያቄ ይሁን። ሁለተኛው፣ ምስጢር ማውጣት ነው። የማንን ጥናት ማን እንደጣለው ለጓደኛ ከነገርሽ ወሬው ወር ሳይሞላ ይመለስብሻል። ሦስተኛው፣ በሥራ አስፈፃሚ ምርጫ ሰሞን ከአንዱ ወገን ጋር መሰለፍ ነው፤ የተሸነፈው ወገን በሚቀጥለው ዓመትም ገምጋሚሽ ነው።

ኮሚቴ ሁሉ እንደማያዋጣም እወቂ። አንዳንዱ ዘንድ ወጣት የሚፈለገው ፎቶ ኮፒ ለማድረግና ሰው ለመቀበል ብቻ ነው። ሁለት ስብሰባ ቆይተሽ በስምሽ የተመዘገበ ሥራ ከሌለሽ፣ አንድ ሥራ ለይተው እንዲሰጡሽ ሰብሳቢውን በግልጽ ጠይቂ፤ ካልሆነ በምስጋና ውጪ። ቢሳካልሽም በአንድ ጉባኤ የምታተርፊው ስምሽን የሚያውቁ ሁለት ሦስት አንጋፎችን ነው፤ ምክር የሚሰጡሽና ለሌላ ሰው የሚጠቁሙሽ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ስትገቢ ሁለት ዙር ለማገልገል ቆርጠሽ ግቢ።

ሳይንሳዊ ኮሚቴ የሚዋቀረው ከጉባኤው ወራት ቀድሞ ነው፤ ጥሪው ከወጣ በኋላ ብትሄጂ ሥራው ተከፋፍሎ ያልቃል። አሁኑኑ መዋጮሽን አሟዪና ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፊ። «በምፈለግበት ሁሉ ላግዝ» አትበዪ፤ «የአብስትራክት ምዝገባውንና ቃለ ጉባኤውን ልያዝ፣ በሳምንት አራት ሰዓት አለኝ» በዪ።