አንድ ሰላምታ በአደባባይና በጓዳ

ቀድሞ በዓል ሲሆን ሰው ሰላምታውን በእግሩ ይዞት ይሄድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በመንገድ ላገኘው ሁሉ አንድ ቃል ይሰጣል፤ ከጎረቤት ደጅ ሲደርስ ቆም ብሎ ሌላ ቃል ይናገራል፤ ከታመመ ሰው ቤት ሲገባም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቃሉን የሚለውጠው አስቦበት አልነበረም፤ ያየው ፊት ይለውጥለት ነበር እንጂ። ዛሬ ግን ሰላምታው በእጅ ስልክ ይጻፋል፤ ጸሐፊውም የሚያየው ፊት የለውም። አንዱን ጽሑፍ በፌስቡክ ላይ ለብዙ ሰው ይለጥፈዋል፤ ያንኑ ገልብጦ ደግሞ በቴሌግራም ለአክስቱ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለባልንጀራው ይልከዋል። ከዚህም የተነሣ ጥያቄ ይመጣል። አንዱን ምኞት ለአደባባይ በአንድ ድምፅ፣ ለጓዳ በሌላ ድምፅ መናገር ሁለት ልብ መሆን ነውን? ወይስ በደሉ አንዱን ቃል ሳይለውጡ ለሁሉ ማደል ነው?

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ በዓል ይታሰብ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ገባ፤ ሁለቱ ከተሞች እንደ ተመለሱ መንግሥት ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። የዚያ ዓመት የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ገና አንድ ወር ከሁለት ቀን ብቻ አልፎ ነበር። በከተማዪቱ የተሰደደው የተመለሰበት ቤት ነበረ፤ ሰው የሞተበት ቤት ነበረ፤ በዓሉን እንደ ወትሮው ያደረገ ቤትም ነበረ። በኮምቦልቻ የሚኖር አንድ መምህር በዋዜማው ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጻፈ እንበል፦ «እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላምና በጤና አደረሳችሁ፤ በዓሉ ከመላው ቤተሰባችሁ ጋር የደስታ ይሁንላችሁ።» በፌስቡክ ገጹ ለጠፈው። በዚህ ላይ ነቀፋ የለበትም፤ ወይም ያለበት ጥቂት ነው። ያንኑ ቃል ገልብጦ ባለፈው ወር ባሏን ለቀበረች አክስቱ ሲልክ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል። አማርኛ የበዓል ምኞትን የሚናገረው በምኞት አንቀጽ አይደለም፤ «አደረሰ» ያለፈ ነገር ነው። የሚያደርሰውም እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ባይጠራም በግሡ ውስጥ አለ። «እንኳን» የሚለው ደግሞ ስለ ተፈጸመው ነገር ደስታን ይገልጣል። እንግዲህ ሰላምታው ሲፈታ፦ ወደዚህ ቀን መድረስ ለሁሉ የተሰጠ አልነበረም፤ ለአንተ ግን ተሰጠህ፤ እኔም በዚህ ደስ አለኝ ማለት ነው። ስለዚህ በቃሉ ሥር ያልደረሰ ሰው ሁልጊዜ አለ። በሌላ ጊዜ ይህ ሰው አይታይም፤ የቃሉ ጥላ ሆኖ ያልፋል። ባሏን ለቀበረች ሴት ግን ያልደረሰው ሰው ስም አለው፤ አልጋውም ገና አልተነሣም። «በሰላም አደረሳችሁ» ስትባል ያልደረሰውን ትቈጥራለች፤ «ከመላው ቤተሰባችሁ ጋር» የሚለውን ስታነብ ቍጥሩ እንደ ጎደለ ታያለች። መምህሩ ይህን አልተናገራትም፤ ጽሑፉ ግን ተናገራት።

የአገሩ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ኀዘኑ ትኩስ በሆነበት ቤት የሚገባ ሰው በብዙ ስፍራ «እንኳን አደረሰሽ» አይልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፤ ስለ በዓሉ ቢያነሣም ያለፈውን አንቀጽ ትቶ ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ይሄዳል፤ «የከርሞውን በሰላም ያድርስሽ» ይላል። በ«አደረሰ»ና በ«ያድርስ» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ አንዱ ግን ደስታን ይመሰክራል፣ ሁለተኛው ይለምናል። የሚያዝን ሰው ልመናን ይቀበላል፤ ምስክርነቱን ግን ሊቀበለው አይችልም። (ነገሩ ከኀዘን ውጭም ይሠራል። ዛሬ ብዙዎች በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ይለጥፋሉ፤ ያልደረሰውን ደረሰ ማለት ነው። ቀኑ ሳይገባ የሚስማማው «በሰላም ያድርሰን» ነው፤ ነገር ግን ለዚህ የሚጠነቀቅ እያነሰ ሄዷል።)

ሁለተኛው ነገር የመደብና የቍጥር ነው። በአማርኛ «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፣ «አደረሰዎ»፣ «አደረሳችሁ» አራት ፊት ናቸው። ለአደባባይ የሚስማማው «አደረሳችሁ» ብቻ ነው፤ የሚያነብበው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና። ወደ አንድ ሰው በተላከ ጊዜ ግን ያው ብዙ ቍጥር ላኪውን ያጋልጠዋል። በቴሌግራም የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲተላለፍ ከላይ «Forwarded from» የሚል ምልክት ከቀድሞው ላኪ ስም ጋር ይወጣል፤ በዋትሳፕም «Forwarded» ይላል፣ በብዙ እጅ ያለፈ ከሆነ ደግሞ «Forwarded many times» ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጽሑፉን ገልብጦ እንደ ራሱ ቃል ይለጥፈዋል፤ ምልክቱም ይጠፋል። ዳሩ ግን «ችሁ» የምትለው ፊደል ትቀራለች። የንስሐ አባት ልጃቸው «አደረሳችሁ» ብሎ ሲጽፍላቸው፣ ከስንት ሰው መካከል ቆመው እንደ ተቀበሉት ወዲያው ያውቃሉ፤ «አባቴ፣ እንኳን አደረሰዎ» የሚል አንድ መስመር ከዚያ ሁሉ ያማረ ጽሑፍ ይበልጥባቸዋል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ይነሣል። «ለአደባባይ ደስታን፣ ለአክስቱ ኀዘንን የሚጽፍ ሰው እውነተኛ ልቡ የትኛው ነው? አንዱ ለታይታ ነው» ይላል። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ ለዚህ መልስ የሚሆን ግን በሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በተላከው አጭር መልእክት ይገኛል። መልእክቱ ሲጀምር ፊልሞናን፣ አፍብያን፣ አርክጳንና በቤቱ ያለችውን ማኅበር ይጠራል፤ ሰላምታውንም ለሁሉ በብዙ ቍጥር ይሰጣል። ወዲያው ግን ፊቱን ወደ አንዱ ይመልሳል፤ ስለ አናሲሞስ የሚለምነውን ሁሉ «አንተ» እያለ ለፊልሞና ብቻ ይናገራል፤ በመጨረሻም ጸሎታቸውንና ቡራኬውን ሲያነሣ እንደገና ወደ «እናንተ» ይመለሳል። አንድ ጸሐፊ ነው፤ ልቡም አንድ ነው። ድምፁ የተለወጠው ሸክሙ የማን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው፤ ባሪያውን እንደ ወንድም የሚቀበለው ፊልሞና ነውና፣ ልመናው በማኅበሩ ሁሉ ላይ ቢበተን ማንም አይሸከመውም ነበር።

እንግዲህ የድምፅ መለወጥ ሐሰት አይሆንም፤ ሐሰት የሚሆንበት ስፍራ ግን አለ። ይኸውም ጓዳው አደባባዩን ሲክድ ነው። በወሎ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ሰፈር፣ አልፎም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉ። ያ መምህር ለዒድ «ለሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼ» ብሎ በክብር ከለጠፈ በኋላ በግል ለመሰሎቹ በዚያው በዓል ላይ ፌዝ ቢልክ፣ ይህ የድምፅ ልዩነት አይባልም። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ለአክስቱ የጻፈው ግን ከአደባባዩ ጎን ቢቀመጥ አይቃወመውም፤ የልደትን ደስታ አልካደም፤ ለእርሷ በሚቻላት መጠን ለካው እንጂ። የምትጠብቀው የግል ስለ ሆነ ነው፤ ለማፈር አይደለም።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ስሕተት አለ፤ እርሱም የጓዳውን ቃል ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። አንዳንድ ሰው ኀዘንተኛዪቱን በስሟ ጠርቶ «ባልሽ በሌለበት በዚህ በዓል እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ በፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ቃሉ በጓዳ መልካም ነበር። በአደባባይ ግን እርሷ ሳትፈቅድ ኀዘኗን ለማያውቋት ሰዎች ይከፍታል፤ ከእያንዳንዱም መልስ መስጠት ይጠበቅባታል፤ በበዓል ቀን የልቅሶ ድንኳን እንደ መትከል ነው። ጸሐፊው ርኅሩኅ መስሎ ይታያል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እርሷ ናት።

የአደባባዩም ጽሑፍ ቢሆን በዚያ ዓመት ማረም ያስፈልገው ነበር። ለብዙ የሚናገር ሰው የእያንዳንዱን ኀዘን መጥራት አይችልም፤ የሚጎዳውን ቃል ማንሣት ግን ይችላል። «ከመላው ቤተሰባችሁ ጋር» የሚለው ቢወጣ ጽሑፉ ምንም አይጎድለውም። በስፍራው «ያዘናችሁትን ያጽናና፣ የተሰደዳችሁትን ወደ ቤታችሁ ይመልስ» ቢገባ፣ ደስ ያለው ሰው ደስታው አይቀነስበትም፤ ያዘነውም ለእርሱ የተቀመጠ ስፍራ እንዳለ ያያል። ለአክስቱ ደግሞ መምህሩ ከጽሑፉ ምንም ሳይገለብጥ እንዲህ ቢጽፍ ይበቃ ነበር፦ «እትዬ፣ ዛሬ እንዴት አደርሽ? ጋሼን እያሰብሁ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ ምንም እንዳታዘጋጂ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የከርሞውን በሰላም ያድርስሽ።» በዚህ ውስጥ የበዓሉ ስም እንኳ አልተጠራም። ሊመጣ እንደ ሆነ ግን ነግሯታል፤ ይህን በአደባባይ ለሺሕ ሰው ሊለው አይችልም።

በደሴ ላለው አብሮ አደጉ ለሆነው እስላም ወዳጁ ደግሞ የልደትን ሰላምታ መላክ አያስፈልገውም ነበር፤ እርሱ ቀድሞ ይልካልና። ችግሩ በመልሱ ነው። ወዳጁ «ወንድም ዓለም፣ እንኳን አደረሰህ» ቢለው፣ መምህሩ ያንን የአደባባይ ጽሑፍ መልሶ ቢለጥፍለት ሰባኪ ይሆንበታል። የአገሩ መልስ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። በዚህች «አብሮ» ውስጥ የበዓሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አይረሳም፤ ሁለቱም ግን ወደ ቀኑ በአንድነት እንደ ደረሱ ይነገራል። በ2015 ዓ.ም ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ቀን፣ ዒድ አል ፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13 ቀን በዋሉ ጊዜ በአምስት ቀን ውስጥ ሰላምታ ሰጪውና መላሹ ስፍራ ተለዋወጡ፤ እሑድ «አብሮ አደረሰን» ያለው ክርስቲያን ዓርብ ቀድሞ መጻፍ ነበረበት፤ ለዚያም «አደረሰህ» የምትል አንዲት ቃልና የወዳጁ ስም ይበቁት ነበር።