በትምህርተ ክርስቶስ ምረቃ ዕለት ለሕፃናት፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እናንተም የዕለቱ ባለቤቶች ውድ ልጆቻችን፤

በጅማ መንገድ ከሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፣ በጎጃም መንገድም እንጦጦን ተሻግራችሁ ከሱሉልታ በዚህ በሰኔ ጭቃ መጥታችሁ በአንድነት ስናያችሁ ልባችን በደስታ ይሞላል። ከተሞቻችሁ ዛሬ ሸገር በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ መንገዱ ግን ያው የቀድሞው መንገድ ነው፤ ለትንንሽ እግሮችም አላጠረም።

ልጆቻችን፣ በመጀመሪያ እናንተን እናመሰግናለን። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታችሁን ትታችሁ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ ዐሥርቱን ትእዛዛትና ሰባቱን ምሥጢራት አጥንታችኋል። በቃል ማጥናት በዘመናችን እንደ ኋላ ቀር ሥራ ሲነቀፍ እንሰማለን፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በልጅነቱ አባታችን ሆይን በቃሉ የያዘ ሰው አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ የራሱ ቃል ሲጠፋበት፣ የሚናገረው ያገኛል። ሆኖም ቃሉ በአፍ ላይ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ የሚታወቅበት ምልክት አለ፤ ይህንንም በፈተናው ጊዜ አይተናል።

አንዲት ልጅ ጥያቄዎቹን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ስንጠይቃት ሳትሰናከል መለሰች። ቅደም ተከተሉን በለወጥን ጊዜ ግን ስለ ቅዱስ ቁርባን ለጠየቅናት የምሥጢረ ሜሮንን መልስ ሰጠችን። ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አልያዘችም ብለን ልናልፋት ስንል አንዱ መምህር፣ «እስቲ በሌላ ቃል ይጠየቅላት» አለ። ስለዚህ፣ «ከዳቦ ቤት የሚመጣው ኅብስትና ከመንበሩ ላይ የሚሰጠው አንድ ናቸውን?» አልናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ «አይደሉም፤ ያኛው ዳቦ ነው፤ ይህ ጌታ ነው» አለችን። ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ሕፃናት ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርቡ ባዘዘ ጊዜ፣ ከሕፃኑ የሊቃውንትን እውቀት አልፈለገም፤ እንደ አቅሙ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ምሥጢራት እንዲያውቅና ቅዱስ ቁርባንን ከተራ ምግብ እንዲለይ ነበር የፈለገው። ልጅቱ ይህን ለይታለችና አለፈች። መጽሐፉን በቅደም ተከተል የሚያነበንቡ ሌሎች ልጆች ግን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ያስቸገራቸው ነበሩ፤ እነርሱም ዳግም ተምረው ነው ዛሬ ከእናንተ ጋር የተቀመጡት።

ስለ ምሥጢረ ንስሐ የተማራችሁትንም እንዲሁ እንይ። ኅሊናን መመርመር፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመበደል መወሰን፣ መናዘዝና ቀኖናን መፈጸም እንደሚገባ ሁላችሁም ትናገራላችሁ። አንድ ልጅ የጓደኛውን እስክሪብቶ ሰረቀ እንበል። ተጸጽቶ ተናዘዘ፤ ካህኑም ፈታው፤ ሦስት ጊዜ አባታችን ሆይ በል ብሎ ቀኖና ሰጠው። ጸሎቱን አድርሶ እስክሪብቶውን በኪሱ እንደያዘ ቢቀርስ? ኃጢአቱ የተሰረየለት ሰው የሰውን ገንዘብ ከመመለስ ዕዳ አይፈታም። እስክሪብቶው ከጠፋ በምትኩ ሌላ ይገዛል፤ መግዣ ከሌለው ሠርቶ ወይም ቀስ በቀስ አጠራቅሞ ይከፍላል። ብዙ ልጆች በዚህ ጊዜ የሚፈሩት «ሌባ» መባልን ነው። የሚያስፈልገው ግን ዕቃው ለባለቤቱ መመለሱ እንጂ የሰራቂው ስም በክፍሉ ፊት መጠራቱ አይደለም፤ በስውር ከደብተሩ መካከል ቢያኖርለትም ዕዳው ተከፍሏል። ይህን የተረዳ ልጅ ነገ የፋብሪካ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሲሆን በእጁ ያለፈው ንብረት የማን እንደ ሆነ አይረሳም።

ወላጆች ሆይ፣ ምስጋናችን ለእናንተም ነው። ከፈረቃ ሥራ ስትመለሱ ሳታርፉ ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወተታችሁን ለገበያ ካደረሳችሁ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የጠበቃችሁ ነበራችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲያነሣ አስቀድሞ ያስታወሰው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ልጆችን በቃልና በምሳሌ በእምነት የማሳደግን ግዴታ በወላጆች ላይ ይጥላል። መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ያያቸዋል፤ የቀረው ስድስት ቀን የእናንተ ነው። እንግዲህ በቅንነት እንናገር፤ በየዓመቱ በሰኔ የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ልጆች በመስከረም ሲፈለጉ የፊተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጁ ግን «ጨርሻለሁ» ብሏል። ይህን ቃል ከልጅ አፍ ስትሰሙ አትቀበሉት። ጌታችን ራሱ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ነበር። ማታ በራት ጊዜ «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» ብትሉት፣ «ተማርህን?» ከማለት ይልቅ ብዙ ትሰማላችሁ።

መምህራን ሆይ፣ ደመወዝ የሌለውን ሥራ በፈቃዳችሁ ይዛችኋል። አንዳንዶቻችሁ «ያስተማርነው የሚገባቸው አይመስለንም፤ እኛም ራሳችን አንድ ነገር መደጋገም ሰለቸን» ብላችሁናል። ይህ ቅሬታ አዲስ አይደለም። በ400 ዓመት ገደማ (እ.ኤ.አ.) የቅርጣግናው ዲያቆን ዴዎግራጽያስ ይህንኑ ለቅዱስ አውግስጢኖስ ጽፎለት ነበር። አውግስጢኖስም በመለሰለት መጽሐፍ የራሱ ንግግር እርሱን ዘወትር እንደማያስደስተው ነገረው፤ ሰሚው ግን ተናጋሪው እንደሚያስበው ያህል እንደማይሰለች አጽናናው። ሰሚው ቆሞ ከደከመው መቀመጫ እንዲሰጠው፣ ሲያዛጋም ደስ በሚያሰኝ ነገር እንዲያነቃው መከረው። ስለ መቀመጫው የተናገረውን በተለይ ወደድነው፤ በየክፍላችሁ አግዳሚ ወንበር የጎደለባችሁ መሆናችሁን እናውቃለንና።

ሌላም ድካም አለባችሁ፤ እርሱም የቋንቋ ነው። ከልጆቻችሁ አንዱ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሌላው አማርኛ፤ በቅዳሴ ደግሞ ግዕዝ ይሰማሉ። አቡነ ማስያስ እየተባሉ የሚታወቁት የካፑቺን ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ በ1867 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ያሳተሙት ሰዋስው አማርኛንና ኦሮምኛን በአንድነት የያዘ፣ ለሚስዮናውያን መማሪያ የተዘጋጀ ነበር። የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ የተማሪውን ቋንቋ ይማር ማለታቸው ነው። በዚህ ዓመት አንዲት መምህርት «ጸጋ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ሦስት ጊዜ ተርጉማ ያልገባቸውን ልጆች፣ ነገሩን በኦሮምኛ ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስረዱ ኦሮምኛ የሚችሉትን ተማሪዎች አስነሥታ ነበር። አስረጂዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ ያልገባቸው የት እንደ ሆነ በዚያ ታወቀ፤ እርሷም ከዚያ ጀምራ አስተካከለች።

ከክረምቱ በኋላ ትምህርቱ በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ይቀጥላል፤ ዛሬ የተመረቃችሁትም በታላላቆች ክፍል ትመዘገባላችሁ፤ መዝገቡ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ወላጆች ሳትፈርሙ እንዳትወጡ አደራ። ደመናው እየከበደ ስለ ሆነና የእንጦጦ መንገድ ሲዘንብ ስለሚያስቸግር፣ የምስክር ወረቀት ለመቀበል አስቀድመው የሱሉልታ ልጆች ይቅረቡ።